ከየት እስከ የት? በቤት ፕላን ላይ የተጻፈ ቁጥር እንዴት ይነበባል



ስለ ቤት ፕላን አነባበብ ስንናገር ብዙውን ጊዜ በምልክቶች እንጀምራለን፤ ይህ በር ነው፣ ይህ መስኮት ነው፣ ይህ ደረጃ ነው እንላለን። እኔ ግን ዛሬ በአንድ ጥያቄ ብጀምር እመርጣለሁ። በፕላኑ ላይ «3.20» የሚል ቁጥር ተጽፎ ስናይ፣ ቁጥሩ ከየት እስከ የት ያለውን ርቀት ነው የሚናገረው? ከግድግዳ ፊት እስከ ግድግዳ ፊት ነው? ከግድግዳ መካከል እስከ ግድግዳ መካከል ነው? ወይስ ከውጭ እስከ ውጭ? ቤት የሚከራይም ሆነ የሚሠራ ሰው ገንዘቡን ከሚያጣባቸው ስሕተቶች ብዙዎቹ የዚህ ጥያቄ አለመጠየቅ ውጤቶች ናቸው።

አቃቂ ቃሊቲን ለምሳሌነት የመረጥሁት ሁለቱም ዓይነት ሰዎች በብዛት የሚገኙበት ክፍለ ከተማ ስለሆነ ነው። በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተከራዩ «መኝታው ሦስት በሦስት ነው» የሚል ቃል ከደላላ ይሰማል። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ደግሞ በራሱ ቦታ ላይ አነስተኛ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከዘመድ ወይም ከሥራ ባልደረባ በስልክ የተላከለትን ፕላን አሳትሞ ለግንበኛ ይሰጣል። ሁለቱም የያዙት ቁጥር ነው፤ ሁለቱም ቁጥሩ የተለካበትን መነሻና መድረሻ አያውቁም።

ለዚህ ገለጻ አንድ ምሳሌ አዘጋጅቻለሁ። ባለ አንድ ፎቅ እንኳ ያልሆነ፣ ምድር ላይ ያረፈ የብሎኬት ቤት ነው። በይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ የቦታው ስፋት 10.00 ሜትር ነው፤ ቤቱም በግራና በቀኝ እስከ ወሰኑ ይደርሳል። ፕላኑ ለሌላ ቦታ ከተሠራ ፕላን ተቀድቶ የተስተካከለ ነው። የውጭ ግድግዳው ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት፣ የውስጥ ክፍልፋዩ ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ነው እንበል። ልስኑ በእያንዳንዱ ፊት 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በፊት ለፊቱ በኩል ሦስት ክፍሎች ተደርድረዋል፤ መኝታ ቤት 3.20፣ ሳሎን 4.00፣ ማእድ ቤት 2.60። ድምሩ 9.80 ሜትር ነው። ቦታው 10 ሜትር፣ ቤቱ 9.80፤ በወረቀት ላይ 20 ሳንቲ ሜትር የተረፈ ይመስላል። ይህን እናቆየውና መጀመሪያ ወረቀቱን ራሱን እንመርምር።

በፕላኑ ግርጌ ባለው የርእስ ሣጥን ውስጥ «ስኬል 1:50» ተብሎ ተጽፏል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለ 1 ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ነገር ግን ይህ እውነት የሚሆነው ስዕሉ በተዘጋጀበት የወረቀት መጠን ሲታተም ብቻ ነው። ስዕሉ ለኤ1 ወረቀት ተዘጋጅቶ ማተሚያ ቤቱ በኤ3 ካተመው እያንዳንዱ መስመር በግማሽ ያጥራል፤ ስኬሉም 1:100 ይሆናል። የርእስ ሣጥኑ ግን አሁንም 1:50 ይላል፤ ጽሑፉ ከስዕሉ ጋር አብሮ አነሰ እንጂ አልተለወጠምና። በስልክ የተላከ ፋይል ወደ ኤ4 «ከወረቀቱ ጋር እንዲመጣጠን» ተደርጎ ሲታተም ደግሞ ስኬሉ 1:141 አካባቢ የሆነ፣ በምንም ማስመሪያ ላይ የማይገኝ ነገር ይሆናል።

ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በፕላኑ ላይ ከተጻፉት ልኬቶች ረጅሙን ምረጡ፤ በእኛ ምሳሌ 9.80 ሜትር ነው፣ ማለትም 980 ሳንቲ ሜትር። ያንኑ መስመር በወረቀቱ ላይ በማስመሪያ ለኩ። 19.6 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 980 ለ19.6 ሲካፈል 50 ነው፤ ወረቀቱ ታማኝ ነው። 9.8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን ስኬሉ 1:100 ነው። በዚህ ወረቀት ላይ የርእስ ሣጥኑን አምኖ የመኝታ ቤቱን ስፋት በማስመሪያ የሚለካ ሰው 3.2 ሳንቲ ሜትር ያገኛል፤ በ50 ሲያባዛው 1.60 ሜትር ይሆንበታል። ይህን የሚያህል ስሕተት ወዲያው ስለሚታይ አደገኛ አይደለም። አደገኛው ማተሚያው የወረቀቱን ጠርዝ ለመተው ሦስት ወይም አራት በመቶ የቀነሰው ቅጂ ነው፤ ለዓይን ትክክል ይመስላልና። በሙያችን ውስጥ የቆየው ደንብ ለዚህ ነው፤ የተጻፈ ልኬት ካለ ስዕሉ በማስመሪያ አይለካም። የተጻፈ ከሌለ ንድፉን ያዘጋጀው ሰው ይጠየቃል።

የተጻፈው ቁጥርም ቢሆን አሃዱ ይለያያል። አንዱ ቢሮ በሜትር፣ ሌላው በሳንቲ ሜትር፣ ሌላው በሚሊ ሜትር ይጽፋል፤ አሃዱን የሚናገር ቃል ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። በሩን ተመልከቱ። በር ከሰው ጋር ስለሚመጣጠን አይዋሽም፤ 0.90 ከተጻፈበት በሜትር፣ 90 ከተጻፈበት በሳንቲ ሜትር፣ 900 ከተጻፈበት በሚሊ ሜትር ነው።

አሁን ወደ መስመሮቹ እንግባ። ፕላን ከላይ ወደ ታች የታየ ቤት ነው ይባላል፤ ይህ ግማሽ እውነት ነው። ቤትን በእርግጥ ከላይ ብናየው የሚታየን የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ነበር። ፕላን ማለት ቤቱ ከወለሉ 1.20 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ በአግድም ተቆርጦ፣ የላይኛው ክፍል ተነሥቶ፣ የቀረው ከላይ ሲታይ ነው። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው አብዛኞቹን ምልክቶች ሳይሸመድድ ያነባቸዋል። የተቆረጠው ነገር፣ ማለትም ግድግዳና ኮለን፣ በወፍራም መስመር ይሣላል። ከተቆረጠበት በታች ያለው፣ እንደ ማእድ ቤት መደርደሪያ፣ ማጠቢያ ሣህንና የመስኮት ደፍ ያለው፣ በቀጭን መስመር ይታያል። ከተቆረጠበት በላይ ያለው፣ እንደ ጣሪያ ክፍክፍ፣ ቢም ወይም በመታጠቢያ ቤት ከፍ ብሎ የተሠራ ትንሽ መስኮት፣ በተቆራረጠ መስመር ይገለጻል። ተከራዩ «ሳሎኑን የሚከፍል መስመር አለ» ብሎ የሚደነግጥበት የተቆራረጠ መስመር ብዙ ጊዜ ከራሱ በላይ የሚያልፍ ቢም ነው።

የበር ምልክት ከቀጥታ መስመር ጋር የተያያዘ ሩብ ክብ ነው። ይህ ሩብ ክብ ጌጥ አይደለም፤ በሩ ሲከፈት የሚጠርገውን ወለል ያሳያል። በዚያ ክልል ውስጥ ምንም ዕቃ አይቀመጥም። ሙሉ በሙሉ በጥቁር የተሞሉት ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ደግሞ ኮለኖች ናቸው። በኮንዶሚኒየም ሕንፃ ውስጥ ክፍል ለማስፋት የሚያስብ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ልዩነት እዚህ አለ፤ በኮለኖች መካከል ያለው የብሎኬት ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ክፍተቱን የሚሞላ ነው፣ ጥቁሩ አራት ማዕዘን ግን ሕንፃውን የተሸከመ ነው። የብሎኬቱም ቢሆን ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ሊይዝ ስለሚችል ያለ ፈቃድና ያለ መሐንዲስ አይነካም።

ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። በፕላኑ ጠርዝ ላይ ልኬቶች በሰንሰለት ተደርድረው ታገኛላችሁ፤ በተሟላ ፕላን ሦስት ረድፍ ናቸው። ለቤቱ የቀረበው ረድፍ የመስኮቶችንና በመካከላቸው ያለውን ግድግዳ ይለካል። መካከለኛው ረድፍ በጫፉ ክብ ውስጥ ቁጥር ወይም ፊደል ባላቸው መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ይናገራል፤ እነዚህን መስመሮች አክሲስ እንላቸዋለን። ሦስተኛው ጠቅላላ ድምር ነው። 3.20፣ 4.00 እና 2.60 የተጻፉት በመካከለኛው ረድፍ ላይ ነው። ስለዚህ 3.20 የመኝታ ቤቱ ስፋት አይደለም። ከውጭው ግድግዳ መካከል እስከ ውስጡ ግድግዳ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ሰው የሚኖርበትን ስፋት ለማግኘት መቀነስ አለብን። ከውጭው ግድግዳ ግማሹ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከውስጡ ግድግዳ ግማሹ 7.5 ነው፤ የሁለቱ ፊት ልስን 4 ነው። ድምሩ 21.5 ሳንቲ ሜትር ነው። 3.20 ሜትር 2.985 ይሆናል ማለት ነው። የዚሁ መኝታ ቤት ሌላኛው አቅጣጫ በፕላኑ ላይ 3.00 ነው፤ እሱም በአንድ የውጭና በአንድ የውስጥ ግድግዳ መካከል ስላለ 2.785 ይሆናል። በወረቀት 9.60 ካሬ ሜትር የነበረው ክፍል በእውኑ 8.31 ካሬ ሜትር ነው። ከስምንት እጅ አንዱ የሚበልጠው ግድግዳ ሆኖ ቀርቷል። ማንም አልዋሸም፤ የተለካበት ቦታ አልተነገረም እንጂ።

ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ የሚታየው አልጋው እስኪገባ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ላለው ፍራሽ የሚሆን አልጋ ከእንጨቱ ጋር 1.60 በ2.05 ይሁን፤ ቁም ሣጥኑም 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይወጣል። አልጋውን በረጅሙ አቅጣጫ አስቀምጠን ቁም ሣጥኑን በግርጌው በኩል ባለው ግድግዳ ብናስጠጋ፣ በፕላኑ ቁጥር መሠረት በመካከላቸው 55 ሳንቲ ሜትር ይቀራል፤ ሰው ጎኑን አዙሮ ያልፋል። በእውነተኛው ክፍል የሚቀረው 33.5 ነው፤ የቁም ሣጥኑ በር እንኳ አይከፈትም። ቁም ሣጥኑን ወደ አልጋው ጎን ብናዞረው ከ2.785 ላይ አልጋውና ቁም ሣጥኑ 2.20 ይወስዳሉ፤ 58.5 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይቀራል። በግርጌ በኩል 93.5 ስለተለቀቀ ባለ 80 ሳንቲ ሜትር በር ወደ ውስጥ ይከፈታል። ክፍሉ ይበቃል፤ ግን በአንድ አደራደር ብቻ፤ ያም ቁም ሣጥኑ ተንሸራታች በር ካለው ነው። ተከራይ ከመፈረሙ በፊት ማወቅ ያለበት ይህንን ነው፤ «ሦስት በሦስት» የሚለው ቃል ይህን አይነግረውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አክሲስ ሁልጊዜ በግድግዳው መካከል አያልፍም። በኮለን በተሠራ ሕንፃ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በኮለኑ መካከል ነው። ኮለኑ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ግድግዳው 20 ሆኖ ሁለቱ በውጭ በኩል እኩል ከተሰለፉ፣ ግድግዳው ከአክሲሱ ወደ ውስጥ የሚገባው 10 ሳይሆን 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ክፍሉ በዚያ በኩል 5 ሳንቲ ሜትር ያተርፋል፤ በማዕዘኑ ላይ ግን ኮለኑ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ክፍሉ ይወጣል። ከዳር እስከ ዳር ተለክቶ የተሠራ ቁም ሣጥን የማይገባው በዚህ ማዕዘን ምክንያት ነው።

አሁን ያቆየነውን 9.80 እናንሣ። በዚህ ፕላን ላይ የመስኮቶቹን ረድፍ ብንደምር የመኝታ ቤቱ 1.00፣ 1.20፣ 1.00 ሆኖ 3.20 ይመጣል፤ ትክክል ነው። የማእድ ቤቱ 0.80፣ 1.00፣ 0.80 ሆኖ 2.60 ይመጣል፤ ይህም ትክክል ነው። የሳሎኑ ግን 1.20፣ 1.80፣ 1.20 ነው፤ ድምሩ 4.20። አክሲሱ 4.00 ይላል። ሁለቱ ረድፎች በ20 ሳንቲ ሜትር ይለያያሉ።

ይህ ልዩነት የፕላኑን ታሪክ ይነግረናል። የመጀመሪያው ቤት ከአክሲስ እስከ አክሲስ 10.00 ሜትር ነበር። ያስተካከለው ሰው ለሁለቱ የውጭ ግድግዳዎች ግማሽ ግማሽ ሲጨምር 10.20 መጣበት፤ ቦታው 10.00 ስለሆነ ከሳሎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ቀነሰና ልክ 10.00 አደረሰው። ብልህ ነበር፤ የግድግዳውን ውፍረት አስቧል። የመስኮቶቹን ረድፍ ማረም ግን ረሳ፤ ለዚህ ነው የተያዘው። ከዚያም የባሰ ሁለት ነገር ረሳ። አንደኛው ልስን ነው። በሁለቱ የውጭ ፊቶች ላይ 2፣ 2 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር ቤቱ 10.04 ይሆናል፤ 4ቱ ሳንቲ ሜትር የጎረቤት ነው። ባይለሰንም ብሎኬቱ በክረምት ውኃ ይመጣል።

ሁለተኛው ከመሬት በታች ያለ ስለሆነ በወለል ፕላን ላይ ጨርሶ አይታይም። በግድግዳው ሥር ያለው የድንጋይ መሠረት 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት በአክሲሱ ላይ ቢያርፍ፣ ከአክሲሱ ወደ ውጭ 25 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ወሰኑ ግን ከአክሲሱ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። መሠረቱ በእያንዳንዱ ጎን 15 ሳንቲ ሜትር በጎረቤት መሬት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ጎረቤቱ ነገ የራሱን መሠረት ሲቆፍር ክርክሩ ይነሣል። መፍትሔው አክሲሱን ወደ ውስጥ ማምጣትና መሠረቱን ወደ አንድ ወገን ባደላ ንድፍ መሥራት ነው፤ ይህ ደግሞ የግንበኛ ሳይሆን የመሐንዲስ ሥራ ነው፣ ጭነቱ ከመሠረቱ መካከል ይወጣልና።

መሠረትን ካነሣን የአቃቂን አፈር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በአቃቂ ሜዳ ብዙ ቦታ ላይ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሰሜን አዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ግርጌ ዐለት ላይ ለተሠራ ቤት የተዘጋጀ ፕላን አቃቂ ሲመጣ የወለል ስዕሉ አንድ ፊደል አይለወጥም። ሴክሽኑ ግን፣ ማለትም ቤቱ በቁም ተቆርጦ የሚታይበት ስዕል፣ ፈጽሞ ሌላ መሆን አለበት፤ ጥቁሩ አፈር ተነሥቶ በማያብጥ ሙሌት ይተካል ወይም መሠረቱ ከሥሩ ወዳለው ጽኑ ምድር ይወርዳል። ጥልቀቱን የሚወስነው የአፈር ምርመራ ነው። በወለል ፕላኑ ላይ ቀስት ያለው መስመር ቤቱን አቋርጦ ሲያልፍ ካያችሁ ሴክሽኑ የተቆረጠበትን ቦታ ያመለክታል። መስመሩ ኖሮ የሴክሽኑ ወረቀት ከሌለ ፕላኑ ጎዶሎ ነው። ተከራይ ሴክሽን ሊጠይቅ አይችልም፤ ግን ከመስኮትና ከበር ማዕዘን በሰያፍ የሚነሣ ስንጥቅ፣ በክረምት የሚጣበቅና በበጋ የሚላላ በር ካየ አፈሩ ቤቱን እያንቀሳቀሰው መሆኑን መጠርጠር ይችላል።

በመጨረሻም በወለሉ ላይ የሚጻፉት የደመርና የቀነስ ምልክት ያላቸው ቁጥሮች ከፍታ ናቸው። ያለቀለት ወለል 0.00 ይባላል፤ ውጭው መሬት −0.45 ከተባለ ወለሉ ከመሬቱ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ 15፣ 15 የሆኑ ሦስት ደረጃዎች ይገባሉ። የአቃቂ ወንዝ በክረምት በሚሞላበት ዝቅተኛ አካባቢ −0.15 የሚል ፕላን ካያችሁ አንዲት ደረጃ ብቻ ከጎርፉ ትለያችኋለች።

እዚህ ላይ ከተማሪዎች አንዷ «ተከራይ ፕላን አይሰጠውም፤ ምን ያድርግ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሜትር ይያዙና ራስዎ ይሣሉት። ከልስን ፊት እስከ ልስን ፊት ይለኩ፤ በሩ የሚከፈትበትን አቅጣጫና የመስኮቱን ቦታ ያስፍሩ። ቀጥሎ ሁለቱን አግድሞሾች፣ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን፣ ይለኩ። በምሳሌያችን መኝታ ቤት ሁለቱም 4.08 ሜትር መምጣት አለባቸው። አንዱ 4.08፣ ሌላው 4.15 ከመጣ ግድግዳዎቹ ቀጥ ባለ ማዕዘን አልተገናኙም፤ አልጋው ከግድግዳው ጋር አይገጥምም፤ የወለሉ ሴራሚክም በአንዱ ዳር እየጠበበ የሚሄድ ቁራጭ ይዞ ይገኛል። ያንን ቁራጭ ዝቅ ብለው ቢፈልጉት ሜትርዎን ከመዘርጋትዎ በፊት ያገኙታል።